ከስድስት አንድ በኋላ የምትገባው ዜሮ

የማውዝ ወይም የኪቦርድ ገመድ ተቆርጦ ውስጡን ያየ ሰው አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አይቷል። ቀዩ አምስት ቮልት ያመጣል፣ ጥቁሩ ግራውንድ ነው። መረጃውን የሚያመላልሱት አረንጓዴውና ነጩ ናቸው። ሁለት ቢሆኑም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፣ ተቀባዩም የሁለቱን ልዩነት ብቻ ያነባል። ለክሎክ የተመደበ ሽቦ የለም።

ይህ ነገር ቆም ብሎ ላሰበበት ሰው ግራ ያጋባል። በአንድ ቦርድ ላይ የተቀመጡ ሁለት ቺፖች ሲነጋገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመረጃው መስመር ጎን አንድ የክሎክ መስመር ይዘረጋላቸዋል። በዚያ መስመር ላይ በየጊዜው «አሁን አንብብ፣ አሁን አንብብ» የሚል ምት ያልፋል፤ ተቀባዩ የራሱ ክሎክ ባይኖረውም ግድ የለም። ኮምፒውተርና ማውዝ ግን እንዲህ ያለ ምት የሚቀባበሉበት መስመር የላቸውም። ኮምፒውተሩ የራሱ ክሎክ አለው፣ ማውዙም የራሱ፤ ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ያም ሆኖ አንዱ ወገን በሰከንድ 12 ሚሊዮን ቢት ሲልክ ሌላው አንዲት ቢት ሳያዛንፍ ያነባል።

ሽቦ ቢጨመርስ? አንደኛ ገመዱና ማገናኛው ይወደዳሉ። ሁለተኛው ምክንያት ይብሳል፤ ፍጥነቱ ሲጨምርና ገመዱ ሲረዝም የክሎኩ ምትና መረጃው እኩል መድረሳቸው ያጠራጥራል። ምቱ ትንሽ ዘግይቶ ከደረሰ ተቀባዩ የሚያነበው ቀጣዩን ቢት ይሆናል። ስለዚህ በረጅም ገመድ ላይ ያለው መላ አንድ ነው፤ ተቀባዩ ክሎኩን ከራሱ ከመረጃው ውስጥ ያወጣዋል። ይህ የሚቻለው ግን መረጃው ለዚያ እንዲመች ሆኖ ከተላከ ብቻ ነው። የዩኤስቢ ሠሪዎች እንዴት እንዳመቻቹት ቀርቦ ማየት ይቻላል፤ ስልቱ ከአንዲት ዜሮ የማይበልጥ ነው።

መጀመሪያ ችግሩን በቁጥር እንየው። 12 ሜጋቢት በሰከንድ በሚሠራው ዩኤስቢ፣ ማለትም በደንቡ «ፉል ስፒድ» በሚባለው፣ የአንድ ቢት ዕድሜ 83.3 ናኖሰከንድ ነው። ደንቡ እያንዳንዱ መሣሪያ ከዚህ ፍጥነት በ0.25 በመቶ ቢያልፍ ወይም ቢያንስ ይፈቅድለታል። ላኪው በ0.25 በመቶ ቢፈጥንና ተቀባዩ በ0.25 በመቶ ቢዘገይ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 0.5 በመቶ ይሆናል። ይህ በአንድ ቢት ላይ ምንም አይደለም። ነገር ግን ይጠራቀማል፤ ከ100 ቢት በኋላ ተቀባዩ ግማሽ ቢት ስቷል፣ ከ200 ቢት በኋላ ደግሞ አንድ ሙሉ ቢት። ተቀባዩ እያንዳንዱን ቢት መሐሉ ላይ ለማንበብ ነው የሚሞክረው፤ ግማሽ ቢት ከሳተ ንባቡ ድንበር ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ ካለፈ የጎረቤቱን ያነባል።

መድኃኒቱ መስመሩ ላይ የሚታየው ለውጥ ነው። መስመሩ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ወይም ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ የሚዞረው በሁለት ቢቶች ድንበር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ለውጥ በታየ ቁጥር ተቀባዩ «ድንበሩ እዚህ ነው» ብሎ የራሱን ቆጠራ ያስተካክላል፤ እስከዚያ የተጠራቀመው ስሕተትም ይሰረዛል። ከዚያ ወዲያ እስከሚቀጥለው ለውጥ ድረስ በራሱ ክሎክ ይሄዳል። ጭብጨባው ከከበሮው ጋር እንዲገጥም ከበሮው በየምቱ መሰማት የለበትም፤ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ አጨብጫቢው ሁሉ በየራሱ ምት መሄዱ አይቀርም። መረጃውን የማንበብ ሥራ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ዝምታ ርዝመት ላይ ነው።

ተቀባዩ ይህንን እንዴት እንደሚሠራ ብዙዎች ከሚያስቡት ይቀላል። በብዙ ርካሽ ቺፖች ውስጥ የዩኤስቢው ክፍል በ48 ሜጋኸርትዝ ይሠራል፣ ይኸውም የ12 አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቢት አራት ጊዜ ያየዋል። ውስጡ ከ0 እስከ 3 ቆጥሮ እንደገና ወደ 0 የሚመለስ ትንሽ ቆጣሪ አለ። መስመሩ ሲለወጥ ቆጣሪው ወደ 0 ይመለሳል፤ ቢቱ የሚነበበው ቆጣሪው መሐል ሲደርስ ነው። ለውጥ ካልመጣ ቆጣሪው ዝም ብሎ ይዞራል፣ በየዙሩም አንድ ቢት ይመዘግባል። ክሎክን ከመረጃ ማውጣት የሚባለው ትልቅ ነገር እዚህ ላይ ሁለት ቢት ያላት ቆጣሪና ለውጥ የምታይ አንዲት ሎጂክ ናት። ፍጥነቱ በመቶዎች ሜጋቢት ሲደርስ ግን እንዲህ በብዛት ማየት አይቻልም፤ ያኔ የራሱን ምት ከለውጦቹ ጋር ቀስ እያለ የሚያጣጥም ፌዝ ሎክድ ሉፕ የሚባል ሰርኪዩት ይገባል። ሐሳቡ ግን ያው ነው።

አሁን መረጃው ለውጥ ካላመጣስ?

ዩኤስቢ አንድን ከፍ፣ ዜሮን ዝቅ አድርጎ አይልክም። ኤንአርዜድአይ የሚባለውን አጻጻፍ ይጠቀማል። ሕጉ አጭር ነው፤ ዜሮ ሲላክ መስመሩ ይገለበጣል፣ አንድ ሲላክ ባለበት ይቆያል። ሁለቱ የመስመሩ ሁኔታዎች «ጄ» እና «ኬ» ይባላሉ። በዚህ ሕግ ብዙ ዜሮ ሲደረደር ተቀባዩ ደስ ይለዋል፣ በየቢቱ ለውጥ ያያል። እያንዳንዱ ፓኬት የሚጀምረውም በዚሁ ምክንያት ሰባት ዜሮና አንድ አንድ በማስከተል ነው። ሰባቱ ዜሮዎች ተቀባዩ ቆጠራውን የሚያስተካክልባቸው ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው አንድ «አሁን ፓኬቱ ጀመረ» ትላለች።

ችግሩ ከአንዶች ይመጣል። አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ተብሎ ሲላክ መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሰዎች ይህንን ሲያብራሩ «ተቀባዩ የተሳሳተ ቢት ያነባል» ይላሉ፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ የጎረቤቱን ቢት ቢያነብም የሚያገኘው ያንኑ አንድ ነው። የሚጠፋበት ቁጥሩ ነው። ምን እንደተባለ በትክክል ያውቃል፤ ስንት ጊዜ እንደተባለ ግን አያውቅም።

ምሳሌውን ከእውነተኛ ነገር እንውሰድ። ተሰርዞ ባዶ የሆነ የፍላሽ ሜሞሪ ቺፕ ሲነበብ እያንዳንዱ ባይት `0xFF` ሆኖ ይወጣል፣ ማለትም ስምንት አንድ። ከእንዲህ ያለ ቺፕ ላይ በፉል ስፒድ ዩኤስቢ ስናነብ አንዱ ፓኬት እስከ 64 ባይት ይይዛል፤ 512 አንዶች መሆናቸው ነው። ከመረጃው በፊት የፓኬቱን ዓይነት የሚናገር አንድ ባይት አለ። ዓይነቱ ዳታ ዜሮ የሚባለው ከሆነ ባይቱ `0xC3` ነው፤ ዩኤስቢ ከትንሿ ቢት ጀምሮ ስለሚልክ መጨረሻ ላይ የሚወጡት ሁለት ቢቶች አንድና አንድ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ላይ 514 አንዶች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ምንም መላ ካልተበጀ መስመሩ 43 ማይክሮሰከንድ ያህል ሳይነቃነቅ ይቆያል።

ልዩነቱ 0.5 በመቶ ከሆነ በ514 ቢት ውስጥ የሚጠራቀመው ስሕተት ከሁለት ቢት ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ተቀባዩ 514 መቁጠር ሲገባው 511 ወይም 517 ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የማረጋገጫ ኮድ፣ ሲአርሲ የሚባለው፣ በሁለት ወይም በሦስት ቢት ተንሸራቶ ይነበባል፤ አይገጥምም፤ ፓኬቱም ይጣላል። ኮምፒውተሩ እንደገና ይጠይቃል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከፋው። መሣሪያው ያንኑ መረጃ ነው መልሶ የሚልከው፤ ክሎኮቹም ያው ናቸው፤ ስለዚህ ስሕተቱ ይደገማል። ሦስተኛውም ሙከራ ይወድቃል፣ ኮምፒውተሩም ያቆማል።

በገመድ ጉድለት የሚመጣ ስሕተት አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል፤ ሲደገም ብዙ ጊዜ ያልፋል። ይህኛው ግን ከይዘቱ ጋር የተጣበቀ ነው። ሌላው ፋይል ሁሉ ሲገለበጥ አንዱ ብቻ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ብልሽት ፈልጎ ማግኘት የቴክኒሻን ቅዠት ነው፣ ምክንያቱም ገመዱም ደህና ነው፣ ቺፑም ደህና ነው፣ ሶፍትዌሩም ደህና ነው።

«ጥሩ ኳርትዝ ክሪስታል ቢገባበትስ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እያንዳንዱ ክሪስታል በሚሊዮን 50 ቢያዛንፍ ልዩነቱ 0.01 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ የ514 ቢቱ ፓኬት ያለ ችግር ያልፋል። ነገር ግን ድምፅና ምስል የሚያመላልሱ መሣሪያዎች በፉል ስፒድ እስከ 1,023 ባይት በአንድ ፓኬት መላክ ይችላሉ፤ 8,184 ቢት ነው። በዚህ ርዝመት 0.01 በመቶ ራሱ ወደ 0.8 ቢት ይደርሳል። ከዚያም በላይ ደንብ የሚጻፈው ለጥሩው መሣሪያ አይደለም። ከሚፈቀዱት ሁሉ መጥፎው ላኪ ከመጥፎው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፣ በመጥፎው መረጃ ላይ፣ መሥራት አለበት። «ብዙ ጊዜ ለውጥ ይኖራል» የሚለው ተስፋ አይበቃም።

መላው እነሆ። ላኪው የሚያወጣቸውን አንዶች ይቆጥራል። ስድስት ተከታታይ አንድ ባወጣ ቁጥር ከመረጃው ውስጥ የሌለች አንዲት ዜሮ ጣልቃ ያስገባል። ዜሮ መስመሩን ስለምትገለብጥ ለውጥ ተፈጠረ ማለት ነው። ተቀባዩም በበኩሉ ይቆጥራል፤ ስድስት አንድ ካየ በኋላ የምትመጣዋን ዜሮ ቆጠራውን ያስተካክልባትና ይጥላታል። ይህ ቢት ስተፊንግ ይባላል። መስመሩ ከጄ ከተነሣ አንድ `0xFF` እንዲህ ይሄዳል፦

```
ዳታ      1 1 1 1 1 1   1 1
የሚላከው   1 1 1 1 1 1 0 1 1
መስመሩ    ጄ ጄ ጄ ጄ ጄ ጄ ኬ ኬ ኬ
```

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ግን ብዙ ጀማሪ የሚስትበት ነገር አለ። ከስድስት አንድ በኋላ ቀጥሎ የሚላከው መረጃ ራሱ ዜሮ ቢሆንስ? ያለ ምንም ጭማሪ ለውጥ ይመጣ ነበር፤ ግን ላኪው ያኔም ዜሮዋን ያስገባል። ምክንያቱ ተቀባዩ ነው፤ ስድስት አንድ አይቶ ዜሮ ሲመጣለት ይህች ዜሮ የተጨመረች ትሁን የመረጃው ትሁን ለይቶ ማወቂያ የለውም። ሁልጊዜ ከተጨመረች ሁልጊዜ ይጥላታል፤ ጥርጥር የለም። ቆጠራው ደግሞ በመረጃው አይጀምርም፤ ከመክፈቻው መጨረሻ ያለችው አንድም ትቆጠራለች። በምሳሌያችን ፓኬት ላይ ከዓይነቱ ባይት የተረፉት ሁለት አንዶች ስለሚቆጠሩ የመጀመሪያዋ ጭማሪ ዜሮ የምትገባው ከመረጃው አራተኛ ቢት በኋላ ነው። በ514ቱ አንዶች ውስጥ በጠቅላላ 85 ዜሮዎች ይገባሉ።

አሁን ዋስትናውን በቁጥር መናገር ይቻላል። መረጃው ምንም ይሁን ምን በሁለት ለውጦች መካከል ያለው ርቀት ከሰባት ቢት አይበልጥም። ልዩነቱ 0.5 በመቶ ከሆነ በሰባት ቢት ውስጥ የሚጠራቀመው ስሕተት 3.5 በመቶ ነው፤ ከ83.3 ናኖሰከንድ ውስጥ ሦስት እንኳ አይሞላም። በ48 ሜጋኸርትዝ የሚያየው ተቀባይ ራሱ ለውጡ የደረሰበትን ጊዜ በ20.8 ናኖሰከንድ ክልል እንጂ ከዚያ ባነሰ አያውቀውም፤ ከዚህ ጋር ሲተያይ የክሎኮቹ ልዩነት ኢምንት ሆነ። ሁለት ቢት ተኩል የነበረው ስሕተት ወደ ሦስት መቶኛ ተኩል ወረደ፣ ያውም ፓኬቱ የፈለገውን ያህል ቢረዝም።

ታዲያ ሦስት ናኖሰከንድ ብቻ ከሆነ ስድስት ለምን ተመረጠ? 20 ወይም 30 አንድ ቢፈቀድ አይሻልም ነበር? መልሱ ያለው ማውዙ ላይ ነው። ዩኤስቢ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ብቻ የሚሄድ «ሎ ስፒድ» የሚባል ዘገምተኛ ወገን አለው፣ ለማውዝና ለኪቦርድ የተሠራ። ለእነዚህ የተፈቀደው ዝንፈት 1.5 በመቶ ነው፤ ከፉል ስፒዱ ስድስት እጥፍ። ይህን ያህል የተለቀቀው መሣሪያው በኳርትዝ ፈንታ ርካሽ የሴራሚክ ሬዞኔተር እንዲጠቀም ነው። እንግዲህ በሁለት ወገን 3 በመቶ ስንወስድ በሰባት ቢት 21 በመቶ ይሆናል። ከግማሽ ቢት፣ ከ50 በመቶ በታች ነው፤ ለገመዱና ለሰርኪዩቱ መንቀጥቀጥም ቦታ ይቀራል። ስድስት በ20 ቢተካ ግን 21 ቢት ሲባዛ በ3 በመቶ 63 በመቶ ይሆናል፣ ንባቡም ከቢቱ ወጣ። ያ ርካሽ ማውዝ የሚሠራው ቆጠራው ስድስት ላይ ስለቆመ ነው። በእኔ ግምት ከደንቡ ሁሉ ብልህነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሕግ ለሁለቱም ፍጥነት እንዲያገለግል አድርገው ለደካማው ሰፍተውታል።

ዋጋውስ? በመጥፎው መረጃ ለየስድስቱ ቢት አንድ ይጨመራል፤ ወደ 17 በመቶ ነው። ይህ ግን ሁሉም አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ዜሮና አንዱ እንደ ሳንቲም ውርወራ በተቀላቀለበት መረጃ ላይ ስድስት አንድ ተከታትሎ የሚገኘው በአማካይ በየ126 ቢት አንዴ ነው፤ ጭማሪው ከአንድ በመቶ በታች ይሆናል። ከዚህ ጋር የቀድሞውን 10 ሜጋቢት ኤተርኔት እናስተያየው። እሱ ማንቸስተር የሚባለውን አጻጻፍ ይጠቀማል፤ በእያንዳንዱ ቢት መሐል ሁልጊዜ ለውጥ አለ፣ ወደ ላይ ከሆነ አንዱን፣ ወደ ታች ከሆነ ሌላውን ይናገራል። ለተቀባዩ ከዚህ የሚመች የለም። ነገር ግን ለአንድ ቢት መስመሩ ሁለት ጊዜ ሊለወጥ ስለሚችል ገመዱ እጥፍ ፍጥነት መሸከም አለበት። ዩኤስቢ በየቢቱ ለውጥ አያስፈልገኝም፣ በሰባት ቢት አንዴ ይበቃኛል አለ፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ቀነሰ።

እርግጥ ቢት ስተፊንግ የራሱ እንከን አለበት። የፓኬቱ ርዝመት በይዘቱ ይወሰናል፤ ያው 64 ባይት አንዴ አጠር፣ አንዴ ረዘም ይላል። አንድ ፓኬት በትክክል ስንት ጊዜ እንደሚወስድ አስቀድሞ መናገር ስለማይቻል ኮምፒውተሩ ጊዜ ሲያከፋፍል ሁልጊዜ ለመጥፎው መመደብ አለበት።

ሕግ ካለ ሕግን መጣስም ትርጉም ይኖረዋል። ጤነኛ ላኪ ሰባት አንድ አከታትሎ አይልክም፤ ስለዚህ ተቀባዩ ሰባተኛ አንድ ካየ አንዳች ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ሲአርሲውን ሳይጠብቅ ፓኬቱን ይጥለዋል። በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 ደግሞ ይህንኑ ጥሰት ለራሱ ተጠቀመበት። በ480 ሜጋቢት በሚሄደው ወገን የፓኬት ማብቂያ የሆነው አንድ ዜሮና ሰባት አንድ፣ ሆን ተብሎ ጭማሪ ዜሮ ሳይገባበት የሚላክ ነው። መረጃ ውስጥ ፈጽሞ ሊገኝ የማይችል ነገር ስለሆነ ከመረጃ ጋር አይምታታም። በዚህ ፍጥነት የፓኬቱ መክፈቻም ከ8 ወደ 32 ቢት አድጓል። በመንገድ ላይ ያለ እያንዳንዱ ሀብ ከመክፈቻው እስከ አራት ቢት ሊያጠፋ ይፈቀድለታል፤ አምስት ሀብ ካለፈ በኋላም ቢያንስ 12 ይተርፋል። የመጨረሻው ተቀባይ ክሎኩን የሚያጣጥመው በእነዚያ 12 ቢቶች ነው።

ክሪስታል የሌለው የዩኤስቢ መሣሪያም አለ፤ ቦርዱ ላይ ያችን የብር ቆርቆሮ ፈልጎ ያጣ ሰው ቺፑ እንዴት እንደሚሠራ ሊያስገርመው ይችላል። በፉል ስፒድ ኮምፒውተሩ በየሚሊሰከንዱ «አዲስ ፍሬም» የሚል አጭር ፓኬት ይልካል። ቺፑ በሁለት እንዲህ ያሉ ፓኬቶች መካከል የራሱ 48 ሜጋኸርትዝ ስንት ጊዜ እንደመታ ይቆጥራል። 48,000 መሆን አለበት። 48,240 ካገኘ በ0.5 በመቶ ፈጥኗል፤ ውስጡ ያለውን ኦሲሌተር ትንሽ ያዘገየዋል፣ ደግሞም ይለካል። የሙቀት ለውጥ ሲያዛንፈውም እንዲሁ እየተከታተለ ይመልሰዋል። ከመረጃው የሚወጣው ክሎክ እዚህ የቢቱን ድንበር ከማሳየት አልፎ የመሣሪያውን ሰዓት ያርማል።

በ2008 ዩኤስቢ 3.0 ሲመጣ 5 ጊጋቢት ላይ ይህ ስልት ተተወ። ለአዲሱ ፍጥነት በተጨመሩት ጥንድ ሽቦዎች ላይ ካፓሲተር ስለሚገባ፣ የመስመሩ ከፍታና ዝቅታ በጊዜ ብዛት እኩል እንዲሆን ያስፈልጋል፤ ቢት ስተፊንግ ለዚህ ዋስትና አይሰጥም። በቦታው የገባው የአይቢኤም ሰዎች የሆኑት አል ዊድመርና ፒተር ፍራናሴክ በ1983 ያሳተሙት 8b/10b ነው። እያንዳንዱ ስምንት ቢት በተመረጠ ባለ አሥር ቢት ቃል ይተካል፤ ቃሎቹም መስመሩ ከአምስት ቢት በላይ ሳይለወጥ እንዳይቆይና ሚዛኑ እንዳያጋድል ሆነው የተመረጡ ናቸው። ዋጋው ቋሚ ነው፤ ከ5 ጊጋቢቱ 4ቱ ብቻ መረጃ ይሆናል። በ2013 የወጣው ዩኤስቢ 3.1 ይህን በ10 ጊጋቢት ላይ አልቻለውም፤ 128 ቢት መረጃ ላይ አራት ቢት ራስጌ ብቻ ጨምሮ ቀሪውን በዘፈቀደ በሚመስል ቅልቅል ላከ። ራስጌው `0011` ወይም `1100` ስለሆነ በየ132 ቢቱ አንድ ለውጥ በእርግጥ አለ፤ ከዚያ ውጪ ያለው በዕድል ነው፣ ዕድሉ በጣም ጥሩ ቢሆንም። ይህ የሚቻለው በእንዲህ ያለ ፍጥነት ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ ጥሩ ክሎክ ስላላቸው ነው። ለሴራሚክ ሬዞኔተሩ ማውዝ አይሆንም ነበር።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ሁሉ ሲበላሽ በ`dmesg` ላይ ይታያችኋል፦

```
usb 1-1: device descriptor read/64, error -71
```

ቁጥሩ -71 የፕሮቶኮል ስሕተት ነው፤ የቢት ስተፊንግ ጥሰት ከሚመዘገብባቸው ቁጥሮች አንዱ ነው፤ መሣሪያው በሰዓቱ ሳይመልስ ሲቀርም ይኸው ይወጣል። መጀመሪያ ገመዱን ለውጡ፣ ቀጥሎ ሀብ ካለ አውጡና መሣሪያውን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት። መሣሪያውን ራሳችሁ የሠራችሁት ከሆነ ክሎኩን ለኩ፤ በፉል ስፒድ ከ0.25 በመቶ በላይ ካዛነፈ ከደንቡ ወጥታችኋል፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቢሠራም በሌላው ላይ ላይሠራ ይችላል። የምትገለብጡት ፋይል ውስጥ ምን እንዳለ ግን አትመርምሩ፤ ሁሉም አንድ ቢሆን እንኳ ከሰባት ቢት በላይ የሚዘልቅ ዝምታ በመስመሩ ላይ ሊፈጥር አይችልም።